ጆሮ ያልያዘውን ምላስ አይደግመውም

በአዲስ አበባ በአንድ መካከለኛ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ወጣት እናስብ። እንግሊዝኛን ከልጅነቷ ጀምሮ በትምህርት ቤት ተምራዋለች። ኢሜይል ስትጽፍ ሰዋስዋ አይነቀፍም፤ ከእንግዳ ጋር ፊት ለፊት ስትነጋገርም በእጅም በፊትም እየታገዘች ትግባባለች። መከራዋ የሚጀምረው ስልኩ ሲጮህ ነው። ከአራተኛ ፎቅ የደወለ እንግዳ በአንድ ትንፋሽ የሆነ ነገር ይላታል። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ቃል ትይዛለች፣ የቀረውን በግምት ትሞላለች። ግምቷ የሳተ ቀን ፎጣ ለጠየቀ ሰው ሂሳብ ይላክለታል።

የሚገርመው፣ ያንኑ ንግግር በወረቀት ላይ ብትሰጧት አንድም የማታውቀው ቃል አይገኝበትም። ቃላቱን በዓይኗ ታውቃቸዋለች፤ ጆሮዋ ግን ገና አልተዋወቃቸውም። እንዲህ ላለ ሰው ተጨማሪ መዝገበ ቃላት መግዛትም ሆነ ሌላ የሰዋስው ኮርስ መመዝገብ ብዙ አይፈይድለትም። ሻዶዊንግ የሚባለው ልምምድ የሚጠቅመው እሱን ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የተቀዳ ንግግር ይከፈታል፤ ሰሚው ተናጋሪው እስኪጨርስ ሳይጠብቅ፣ ግማሽ ወይም አንድ ቃል ያህል ወደኋላ ቀርቶ፣ የሰማውን ሁሉ ድምፁን አውጥቶ ይደግማል። ቅጂው አይቆምም፤ እሱም አይቆምም። ያመለጠው አምልጦት ይቀጥላል።

በንባብ ቤት ወይም በዜማ ቤት ያለፈ ሰው መምህር የሚለውን ተከትሎ መድገም አዲስ አይሆንበትም። እዚያ ግን መምህሩ ብለው ያበቃሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። ሻዶዊንግ የመቀበያ ፋታ የለውም፤ ጥቅሙም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ፋታ ስናገኝ አእምሯችን የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም ይይዝና ድምፁን ይጥለዋል። ከዚያ ስንደግመው በራሳችን ልማድ፣ በራሳችን አነጋገር መልሰን ሠርተነው ነው። ተናጋሪው ውጦ ያለፈውን ቃል እንኳ አሟልተን እንለዋለን፤ ስለዚህ እንዳልሰማነው አናውቅም። ፋታ ሲነፈገን በእጃችን ያለው የሰማነው ድምፅ ብቻ ነው። ጆሯችን ያልያዘውን ምላሳችን ሊለው አይችልም፤ ክፍተቱም ወዲያው ይጋለጣል።

ልምምዱ ከቋንቋ ክፍል ይልቅ በቤተ ሙከራና በአስተርጓሚዎች ሥልጠና ውስጥ ነው ያደገው። ኮሊን ቼሪ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን በአንድ ጆሮ አንድ ንግግር፣ በሌላው ጆሮ ሌላ ንግግር እያሰማ፣ በአንዱ ጆሮ የሚሰሙትን እየተከተሉ እንዲደግሙ አድርጎ ነበር። ዓላማው ሰው በጫጫታ መካከል አንድን ድምፅ እንዴት ለይቶ እንደሚከተል ማወቅ ነው። ከዚያ ጥናት ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፦ ደጋሚዎቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እየደገሙም ድምፃቸው ዜማ ያጣ ነበር፤ ስለ ምን ሲያወሩ እንደቆዩ በቅጡ ያልያዙም ነበሩ። ሰው ሳይረዳ መድገም ይችላል ማለት ነው። ይህን ወደኋላ እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ዊልያም ማርስለን-ዊልሰን የተባለ ተመራማሪ፣ አንዳንድ ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በሩብ ሰከንድ ርቀት ብቻ፣ ማለትም አንድ ቀለም ያህል ወደኋላ ቀርተው መከተል እንደሚችሉ አሳየ። ሲሳሳቱ እንኳ ስህተታቸው ከዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ጋር የሚስማማ ነበር፤ እየደገሙ እየተረዱ ነበር ማለት ነው። በአንድ ጊዜ የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎችም በሥልጠናቸው መጀመሪያ እየሰሙ መናገርን የሚለማመዱት በዚሁ መንገድ ነው። ወደ ቋንቋ ተማሪዎች ሲመጣ ዘዴውን አጥብቀው የያዙትና የመረመሩት ጃፓኖች ናቸው። ከነሱ አንዱ ዮ ሀማዳ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት ልምምዱ ድምፆችን ለይቶ የመስማት ችሎታን እንደሚያሻሽል፣ በማዳመጥ መረዳት በኩል ግን በይበልጥ የተጠቀሙት ደካማ የነበሩት ተማሪዎች እንደሆኑ አግኝቷል። ይህ እንደኔ ቁም ነገሩን ይነግረናል፦ ሻዶዊንግ በብዙዎች ዘንድ ለምላስ ተብሎ ይጀመራል፤ ቀድሞ የሚያድነው ግን ጆሮን ነው።

አሁን ወደ እንግዳ መቀበያዋ እንመለስ። አንድ እንግዳ ስልክ ደውሎ ከክፍሉ መውጣት የነበረበት ከአንድ ሰዓት በፊት እንደሆነ ሊነግራት ፈለገ እንበል። በእንግሊዝኛ የሚለው ቃል በቃል ሲነበብ፣ «አይ ዋዝ ሰፖዝድ ቱ ሃቭ ቼክድ አውት አን አወር አጎ» ነው፤ አሥር ቃላት። ከአፉ የሚወጣው ግን ይህን ይመስላል፦ «አይወዝ ስፖስተቭ ቼክታውት አናወረጎ»። አሥሩ ቃላት አራት ጉብታ ሆነዋል።

ከአራቱ ሁለተኛውን ቀረብ ብለን እንየው። «ሰፖዝድ ቱ ሃቭ» ሦስት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ቃል አንድ ቀለሙ ብቻ ጎልቶ ይሰማል፤ የሚጨርስበት ድምፅ ከሚቀጥለው ቃል መጀመሪያ ጋር ይዋሃዳል። «ቱ» ወደ «ተ» ትወርዳለች፤ «ሃቭ» ደግሞ «ሃ»ዋን ጥላ «ቭ» ብቻ ትሆናለች። ሦስቱ ተደምረው «ስፖስተቭ»። ሦስተኛው ጉብታ ላይ፣ «ቼክድ» ብለን የምንጽፈው ቃል በእንግሊዝኛ አፍ ሲነገር «ቼክት» ነው፤ መጨረሻው «ት» ከ«አውት» ጋር ተጣብቆ «ታውት» ይሆናል። «ቼክድ»ንና «አውት»ን የምትጠብቅ ጆሮ ሁለተኛውን ቃል ጨርሶ አታውቀውም።

የአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚቸገርበት ምክንያት አለው። ግጥም የሚገጥም ሰው ቀለም እንደሚቆጥር ሁሉ አማርኛ ለእያንዳንዱ ቀለም ድርሻውን ይሰጣል፤ ተከታታይ ተነባቢዎች ሲያጋጥሙትም በመካከላቸው አጭር «እ» ያስገባና ያላላቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ጥቂት ቀለሞችን ይጫንና የቀሩትን ይደፈጥጣል። የሚደፈጠጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ቱ»፣ «ሃቭ»፣ «ኦፍ»፣ «አን» የመሳሰሉት ጥቃቅን ቃላት ናቸው። ጊዜን፣ ባለቤትነትንና መሆን የነበረበትን ከሆነው የሚለዩት ግን እነሱ ናቸው።

እንግዳ መቀበያዋ ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እግር በእግር ስትከተል ከአፏ የሚወጣው «አይ ዋዝ ሰፖዝ ቼክ አውት ዋን አወር አጎ» ዓይነት ነገር ይሆናል። «ተቭ» የለም፣ የ«ቼክት» መጨረሻ የለም፣ «አን» በ«ዋን» ተተክቷል። እነዚህ ሦስት ቀዳዳዎች የአነጋገር ድክመት ይመስሏት ይሆናል። ስልኩ ላይ የሚያመልጧት ግን እነዚሁ ናቸው። ልምምዱ ትክክለኛ ሥፍራቸውን አሳያት ማለት ነው።

ሥራ የሚበዛባት ሰው ይህን እንዴት ትይዘዋለች? የመጀመሪያው ነገር ምርጫ ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ነው። ቅጂው አጭር ይሁን፤ 45 ሰከንድ ይበቃል። በተለመደ የእንግሊዝኛ ንግግር ፍጥነት፣ በደቂቃ 150 ቃል ገደማ ብንወስድ፣ 45 ሰከንድ ከ110 ቃል በላይ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ከበቂ በላይ። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት፣ ከበስተጀርባው ሙዚቃ የሌለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጽሑፉ አብሮት የሚገኝ መሆን አለበት። ጽሑፍ ከሌለው ምን እንዳመለጣችሁ የሚነግራችሁ የለም። የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ዝግጅቶች ከነጽሑፋቸው ይገኛሉ፤ ከአንዱ 45 ሰከንድ ቆርጦ መያዝ ይቻላል። ለጀማሪ የአሜሪካ ድምፅ በዝግታ ያነባቸው የነበሩት የእንግሊዝኛ መማሪያ ዝግጅቶችም ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ከተለመደው ፍጥነት ሲሶ ያህል ቀነስ ተደርገው የተነበቡ ናቸው። ግን እዚያ አይከርሙ። በዝግታ ሲነበብ መዋሃዱና መደፍጠጡ ይቀንሳል፤ ልምምዱ ሊያስተምረን የመጣው ደግሞ መደፍጠጡን ነው። ደንበኞቹ አሜሪካውያን የሆኑበት የዋሽንግተን ነዋሪ የአሜሪካውያንን ድምፅ፣ ሌላውም ዘወትር የሚሰማውን ዓይነት አነጋገር ቢመርጥ ድካሙ አይባክንም።

ሌላው የምርጫ መመዘኛ፣ ጽሑፉን ስታነቡት የማታውቁት ቃል ሁለት ሦስት ብቻ መሆኑ ነው። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚያስከፍት ጽሑፍ ለንባብ ይጠቅም ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ያልገባንን ድምፅ መደጋገም በቀቀን መሆን ነው።

እንግዳ መቀበያዋ እሑድ ማታ ሆቴሉ ዋይፋይ ላይ እያለች ድምፁንና ጽሑፉን ስልኳ ላይ ታወርዳለች። ሰኞ ወደ ጠዋት ፈረቃ ከመውጣቷ በፊት፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ ጽሑፉን ሳታይ ሁለት ጊዜ ትሰማና የመጀመሪያዎቹን አራት ዓረፍተ ነገሮች የሰማችውን ያህል በወረቀት ትጽፋለች። ወረቀቱን አትጥለውም፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ትፈልገዋለች። ከዚያ ጽሑፉን ከፍታ የማታውቃቸውን ቃላት ትፈታለች። ማክሰኞ ጽሑፉን በዓይኗ እየተከተለች ከተናጋሪው ጋር እኩል ታነባለች፤ ሦስት አራት ጊዜ። ረቡዕ ጽሑፉ ይገለበጣል። መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ብቻ ትከተላለች፤ ከዚያ ድምፅ ታወጣለች። በዚህ ቀን ግማሹ እንደሚያመልጣት አስቀድማ ትወቅ፤ የሚያመልጠው ሁሉንም ሰው ነው።

የጆሮ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ማድረግ ይሻላል። ሁለቱም ከተደፈኑ የራሳችን ድምፅ አይሰማንም፤ ሳናውቀው ማጉረምረም እንጀምርና የምንለው ሁሉ ትክክል ይመስለናል። አሌክሳንደር አርጌሌስ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር፣ ዘዴውን በግል ለሚማሩ ሰዎች ካስተዋወቁት አንዱ፣ ደረትን ነፍቶ ከቤት ውጭ በፍጥነት እየተራመዱ ጮክ ብሎ መለማመድን ይመክራል። እኔ እስከማውቀው ድረስ የአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ቸር አይደለም፤ ለብቻ ማውራቱ ግን ዛሬ ማንንም አያስደነግጥም፣ ሁሉም ስልክ ላይ ነው ብሎ ያልፋል። ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ይበቃል። ታክሲ ውስጥ ድምፅ ማውጣት የማይመች ከሆነም መስማትና ከንፈርን ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ያ ለሙሉው ልምምድ ምትክ ሳይሆን ማሟሟቂያ ነው።

ሐሙስ የጥገና ቀን ነው። እስካሁን ሁልጊዜ የምትደናቀፍባቸው ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ተለይተዋል። ከነሱ አንዱ «ስፖስተቭ ቼክታውት አናወረጎ» ነው እንበል። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጋ ያንን ቁራጭ ብቻ ደጋግማ ትሰማለች። ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት ትገነባዋለች፤ «አጎ»፣ ቀጥሎ «አናወረጎ»፣ ቀጥሎ «ቼክታውት አናወረጎ»፣ በመጨረሻ ሙሉውን። ከኋላ መጀመር የሚያዋጣው ወደ አዲሱ ክፍል ሳይሆን ወደ ለመደችው እየሄደች ስለምትናገር ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ዜማም መጨረሻ ላይ አይሰበርም። ቁራጩ ሲላላ ወደ ሙሉ ፍጥነት ትመልሰዋለች። በዝግታ የሠለጠነ በዝግታ ብቻ እንዳይቀር መመለሱ ግዴታ ነው።

ዓርብ ዋናው ቀን ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ቅጂው በጆሮ ማዳመጫ ይከፈታል፣ የእህቷ ወይም የጓደኛዋ ስልክ ደግሞ የእሷን ድምፅ ይቀዳል። ሁለት ስልክ የሚያስፈልገው አንዱ ስልክ እያጫወተ መቅዳቱን ብዙ ጊዜ ስለማይችል ነው። ከዚያ የተጻፈውን ፊቷ አስቀምጣ የራሷን ድምፅ ትሰማለች፤ ያልተባለውን ቃል በእርሳስ ትሰርዛለች፣ የተዛባውን ታሰምርበታለች። የራስን ድምፅ መስማት ለማንም አያስደስትም፤ አምስት ደቂቃ ነው፣ ይቻላል። የተሰረዙት ቃላት ሲታዩ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ታስተውላለች፦ የኃላፊ ጊዜ መጨረሻዎች፣ የብዙ ቁጥር «ስ»፣ እነ «ኦፍ» እና «ሃቭ»። ይህ ዝርዝር የሷ የግል መማሪያ መጽሐፍ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ቅጂ ላይ ጆሮዋን የምትጥለው እነሱ ላይ ነው።

ቼሪ ያስተዋለው ነገር የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። ድምፅ ማሳደድ ትኩረትን ሁሉ ስለሚበላ ሰው ተናጋሪውን ፍጹም ተከትሎ ምን እንደተባለ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ጽሑፉን ሳታይ ትከተልና ወዲያው ቅጂውን አቁማ የተባለውን በአማርኛ በሦስት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ቀጥላ በራሷ እንግሊዝኛ። መናገር ካቃታት ሳምንቱን ሙሉ ድምፅ ብቻ ስትለቅም ነበር ማለት ነው፤ ቀጣዩን ቅጂ ቀለል ያለ ታድርገው። በአማርኛ ከቻለችና በእንግሊዝኛ ካቃታት ግን አትደንግጥ፣ ያ ሌላ ችሎታ ነው።

አንዱ ስውር ችግር መሸምደድ ነው። ቅጂው ሲደጋገም ከጆሮ ይወጣና የትዝታ ጉዳይ ይሆናል፤ ሰውየው የሚከተል ይመስለዋል እንጂ የሚያነበንበው ከራሱ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው። ቅጂውን በዓረፍተ ነገር መሃል ድንገት ያቁሙት። ምላስዎ ሳይደናገር እስከ ነጥቡ ከሄደ፣ ቅጂው ለጆሮ ሥራ አብቅቷል፤ ይቀይሩት። ወዲያው ከቆመ ገና እየሰሙ ነው። ሌላው ችግር መዘግየት ነው። ሁለት ሦስት ቃል ወደኋላ የቀረ ሰው ጆሮው አዲስ እየሰማ አእምሮው አሮጌውን ይሸከምና ሁለቱንም ይጥላል። እንዲህ ሲሆን ያመለጠውን ለመያዝ ከመሮጥ ይልቅ ትቶ ከሚሰማው ቃል መጀመር ነው የሚያዋጣው።

መሻሻልን በዚያው ቅጂ መለካት ራስን ማታለል ነው፤ የተለማመዱትን ማንም ይሰማዋል። በየአራት ሳምንቱ ከዚህ በፊት ሰምተውት ከማያውቁት ቅጂ፣ ከተቻለ ከዚያው ተናጋሪ፣ አራት ዓረፍተ ነገር ሰምተው ይጻፉና የጎደሉትን ቃላት ይቁጠሩ። ከመጀመሪያው ሰኞ ወረቀት ጎን ያስቀምጡት። ቁጥሩ ካልቀነሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ቅጂው ከባድ ነበር፣ ወይም የዓርቡ ምርመራ ተዘሏል።

ልምምዱ የማይሰጠውም አለ። የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ስንከተል ምን እንበል ብለን አናስብም፤ ስለዚህ የራስን ሐሳብ በራስ ቃል ማውጣትን አያስተምርም። አዲስ ቃልም ብዙ አይጨምርም። የእንግዳ መቀበያዋ ጆሮ ተከፍቶ እንግዳው ያለውን ሁሉ ብትይዝ እንኳ፣ መልሱን የምታገኘው ከሰው ጋር በመነጋገር ነው። ስልክ ላይ የሚያመልጣት ሲያልቅ ከጠዋቱ አሥር ደቂቃ ግማሹን ወደዚያ ታዙረው።

ጊዜ የሚያጥርዎት ከሆነ ከሳምንቱ ማክሰኞን ወይም ቅዳሜን ይተዉ፤ ዓርብን ግን አይተዉ። ድምፅዎን ቀድተው ከጽሑፉ ጋር ካላስተያዩት በጆሮዎ ላይ ያለውን ቀዳዳ የሚያሳይዎት ሌላ ነገር የለም።